ሁለት ቋጠሮ በአንድ ጣሳ
በአንድ የወሎ ቀበሌ የባህል መድኃኒትን በቤት ውስጥ ስለመያዝና ስለማካፈል የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ፣ በሐምሌ ወር፣ አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት እናት በጉንፋን ሦስት ቀን ተኙ። አፍንጫቸው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ሳል አለ፣ ራስ ምታት አለ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ቤት ውላለች። እናትየዋ ከአልጋቸው ሆነው «ከጓዳ ጣሳው ውስጥ ትልቁን ቋጠሮ አውጪና ጦስኝ አፍይልኝ» አሏት። ልጅቱ እንደተባለችው አደረገች። ትልቁን ቋጠሮ ፈታች፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፈላች፣ ስኳርና ዝንጅብል ጨመረችና ሰጠቻቸው። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ገደማ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እናትየዋ አፌ ደረቀ፣ ምላሴ ተጣበቀ አሉ። ውኃ ቢጠጡም አልረጠበም። ሲመሽ ድምፃቸው ጎርነን አለ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ደበዘዘባቸው፣ ገላቸው እንደ ምጣድ ቢግልም ጠብታ ላብ አልነበረውም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በቤቱ ከሌሉ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመሩ። ከጋቢያቸው ላይ የሌለ ክር ይለቅማሉ፣ ተነሥተው ሊወጡ ይታገላሉ። ቤተሰቡ ያሰበው ብዙው ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስበውን ነው፤ ጅን ነው ተባለ። ቀበሪቾ ተጨሰ፣ ዱዓ የሚያደርጉ ሽማግሌ ተጠሩ፣ ሌሊቱም በዚሁ አለፈ። ጎህ ሲቀድ በወሎ ቅሬ የሚባለው የመንደሩ ዕድር ቃሬዛ መጣ፤ እናትየዋን እስከ መንገዱ ተሸክመው ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው።

ጤና ጣቢያ የነበረው ጤና መኮንን መጀመሪያ ያየው ዓይናቸውን ነው። የኛ ሰው ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ የብሌን መስፋት ከሩቅ አይለይም፤ ወደ መስኮት አዙሮ በባትሪ ሲያበራ ብሌኑ ሰፍቶ ቀረ እንጂ አልጠበበም። የልብ ምታቸው ከመቶ ሠላሳ በላይ፣ ትኩሳታቸው 38.6 ነበር፣ እምብርታቸው ሥር ያለው ሆድ ደግሞ በታቆረ ሽንት ተወጥሯል። የደረቀ አፍ፣ ላብ የሌለው ትኩስ ገላ፣ የሰፋ ብሌን፣ የሚሮጥ ልብ፣ የታገደ ሽንትና የተምታታ አእምሮ አንድ ላይ ከተገኙ አንድ ነገር ያመለክታሉ። «ምን ጠጡ?» ብሎ ጠየቀ። «ጦስኝ ብቻ» አሉት። ጦስኝ ይህን አያደርግም። ጣሳው እንዲመጣ አዘዘ።

በትልቁ ቋጠሮ ውስጥ የነበረው አስተናግር ነው። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ሜዳ ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከበረት አጠገብ፣ ከማሽላ ማሳ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው እንደ ጥሩንባ ነጭ፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው አረም። የቀደሙት ሰዎች የሚያደርገውን አይተው ነው የሰየሙት፤ የበላውን ሰው ያናግረዋል፣ ከማይታይ ጋር ያስለፈልፈዋል። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉት መርዞች በመፍላት አይጠፉም፤ እንዲያውም ሙቅ ውኃ ከቅጠሉ አውጥቶ ወደ ብርጭቆው ያመጣቸዋል። የመርዙ መጠንም ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ቅጠል፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ለአስተናግር «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል የማንኪያ ልክ የለውም።

እናትየዋ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ ሽንታቸው በቱቦ ወጣ፣ መወራጨቱ በዲያዜፓም ረገበ፣ ገላቸው በረጠበ ጨርቅ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ማታ ልጆቻቸውን ለዩ። የቅርብ ነገር ማየት ግን፣ መርፌ መሰካትም ሆነ ሩዝ መልቀም፣ አምስት ቀን ያህል አስቸግሯቸዋል። በዚህ መመረዝ ከሁሉም በኋላ የሚድነው ዓይን ነው።

ታዲያ አስተናግር ጦስኝ ካለበት ጣሳ ምን አገባው? ጉዳዩን ለመጻፍ ያበቃን ይህ ጥያቄ ነው፤ በቤቱ ማንም ሰው ሞኝ ነገር አልሠራምና።

በግንቦት የባላቸው እህት ሁለት ዱቄት ሰጥታቸው ነበር። አንዱ ጦስኝ ነው፣ በቢጫ ፌስታል። ሌላው ለትንሹ ልጅ ቆረቆር ራሱ ላይ የሚቀባ የአስተናግር ቅጠል ዱቄት ነው፣ በሰማያዊ ፌስታል። «ቢጫው የሚጠጣ፣ ሰማያዊው የሚቀባ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ያዙት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰማያዊው ፌስታል ተቀደደ። እናትየዋ በእጃቸው የገባውን ሌላ ቢጫ ፌስታል ቆርጠው ዱቄቱን ወደዚያ ገለበጡት። አሁን ሁለቱም ቢጫ ሆኑ። አላሳሰባቸውም፤ ጦስኙ ብዙ፣ የሚቀባው ጥቂት ስለነበር «ትልቁ የሚጠጣ፣ ትንሹ የሚቀባ» ብለው በልባቸው ለዩት። ክረምቱ ገባ፣ ቤተሰቡ ጦስኝ ማታ ማታ ጠጣ፣ ትልቁ ቋጠሮ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። የልጁ ቆረቆር ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ቅባት ሳይሻለው ተተወ፣ ዱቄቱም እንዳለ ተቀመጠ። በሐምሌ ትልቁ ቋጠሮ የሚቀባው ሆኗል። ምልክቱ ተገልብጧል፤ ማንም ሳይነካው።

ጦስኝ ደግሞ መዓዛው ስሙን ይናገራል፤ ሰው በአፍንጫው ነው የሚለየው። ግን ያፈላችው ልጅ ያን ያህል አታውቀውም፤ ሁለቱ ዱቄቶች ሁለት ወር አንድ ጣሳ ውስጥ ስለኖሩ የአንዱ ሽታ ወደ ሌላው ገብቷል፤ ዝንጅብሉም ምሬቱን ሸፈነው። ጠጪዋ በበኩላቸው ጉንፋን ይዟቸዋል። ጦስኝ የሚጠጣው አፍንጫ በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሽታን ብቻ ምልክት ማድረግ ከሁሉም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቅሬውን ሰብሳቢ አነጋግራ ከስብሰባው ላይ አንድ ሰዓት ወሰደች። ቤተሰቡን አስፈቅዳለች፤ ማን እንደሆኑ አልተናገረችም፣ ግን ቃሬዛውን ተሸክመው የሄዱት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። ስብሰባው ወይራው ጥላ ሥር ነው፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን፣ መሐል ላይ ጀበና።

ንግግር አልጀመረችም። ሦስት ነጭ ሳህን አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ዱቄት አለ። ጦስኝ፣ ጭቁኝና ግራዋ ናቸው፤ ሦስቱም ከጥቂት ወራት በፊት ደርቀው የተወቀጡ። አስተናግር አልጨመረችበትም፤ ሰው በእጁ እያሸ ዓይኑን ቢነካ ብሌኑ ሊሰፋ ይችላልና። ከዚያ በአካባቢው መድኃኒት ያውቃሉ የሚባሉትን ሦስት እናቶችና ሁለት አዛውንቶች ጠርታ «ለዩልኝ» አለች። ዱቄቶቹ ሁሉም አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ ናቸው። ጦስኙን ሦስቱ አገኙት፣ ሁለቱ ጭቁኝ አሉት። ግራዋውን አሽትቶ ያወቀው አንድም የለም፤ በምላሳቸው ሊቀምሱት ሲሉ ባለሙያዋ እጃቸውን ያዘች። «አያችሁ? አሁን ልትቀምሱት ነበር» አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ የሦስቱን ያልተወቀጠ ደረቅ ቅጠል አውጥታ በየሳህኑ ጎን አስቀመጠች። ከኋላ የቆሙት ልጆች ሳይቀሩ ስማቸውን ጠሩ።

የትምህርቷ ግማሹ እዚህ ላይ ነበር፤ በእኛ አስተያየትም ከሁሉ የሚበልጠው ግማሽ ነው። ቅጠል ሙሉውን እስካለ ራሱ ምልክት ነው፤ ዳሩ፣ ጅማቱ፣ ፀጉሩ፣ የግንዱ ቅርጽ ማንነቱን ይናገራል። ሲወቀጥ ይህ ሁሉ ይጠፋና ዱቄት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሯ ወረቀትም ስክሪብቶም አይጠይቅም፤ ቅጠሉን አድርቃችሁ እንዳለ አስቀምጡ፣ የምትጠቀሙበትን ብቻ በዚያው ቀን ውቀጡ። ይህ ለመድኃኒቱም ይበጃል። የጦስኝ መዓዛ ያለው በቅጠሉ ውስጥ በታቆረው ዘይት ነው፤ ሲወቀጥ ዘይቱ ይተናል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚቀረው ገለባ ነው።

ማድረቁንም አሳየች። ቅጠል በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ስስ ተደርጎ ይሰጣል፤ በየቀኑ ይገለበጣል። ደረቀ የሚባለው በእጅ ሲያሹት ተንኮሻኩሾ ሲፈርስና ዘንጉ ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ዘንጉ ከታጠፈ ገና ነው። ዘንጉ እየታጠፈ ተቋጥሮ የተቀመጠ ቅጠል በደጋው ክረምት ውስጡ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ነጭ ወይም አመድማ ድር ይታይበታል፣ ሽታውም የጓዳ ሽታ ይሆናል። ሻጋታ የያዘውን አራግፎ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያድነውም፤ ይጣላል።

ቀጥሎ የመጣው ጽሑፉ ነበር። በወረቀት ላይ ምን ይጻፍ ስትል ሰው ብዙ ነገር ጠራላት፤ እሷ ግን በአምስት ነገር ወሰነችው፤ ረዝሞ ካስቸገረ ማንም አይጽፈውም። ያሳየችው ምሳሌ እንዲህ ይላል፤

«ጦስኝ፣ ቅጠሉ። የሚጠጣ። ለጉንፋን። የተለቀመው በጥቅምት 2017። የሰጠችኝ የባሌ እህት።»

ክፍሉ የሚጻፈው የአንድ ተክል ቅጠልና ሥር አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ወሩ የሚጻፈው ዕድሜውን ለማወቅ ነው፤ እሷ የሰጠችው ልክ በደንብ ለደረቀ ሙሉ ቅጠል ከመከር እስከ መከር አንድ ዓመት፣ ለተወቀጠ ሦስት ወር፣ ለፈላ ውኃ ደግሞ ከዛሬ እስከ ነገ ነው። የሰጪው ስም የሚጻፈው አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። በዚያ ሌሊት ለባል እህት ስልክ ደውሎ «ምን ነበር የሰጠሽን?» የሚል ቢገኝ ኖሮ እናትየዋ ጎህ እስኪቀድ ባልቆዩ ነበር።

«የሚጠጣ» ወይም «የሚቀባ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም በላይ በትልቁ ይጻፍ አለች። የተክሉ ስም ብቻውን አይበቃም። አንደኛ፣ ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ሰንሰል የሚለውን ሌላው ስሚዛ ይለዋል። ሁለተኛ፣ ቤት ያለው ልጅ ስሙን አንብቦ ለምን እንደሚውል ላያውቅ ይችላል። «አይጠጣም» የሚለውን ግን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። በአካባቢው መድኃኒት ቆፍረው የሚሰጡ፣ የሚታመኑም ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የምትይው ለጦስኝ ይሁን። እኛ የምንሰጠው ግን ስሙ ከተነገረ ይሽራል። አባቴ ሲያወርሰኝ ለማንም አትንገር ብሎኛል። አሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ልስጥ?»

ይህ በየቦታው የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ትምህርትም እዚህ ላይ ይሰበራል። ባለሙያው እምነቱን ኋላ ቀር ካለ አዛውንቱ ይነሣሉ፣ ከእሳቸው ጋር ግማሹ ሰው ይነሣል፣ መድኃኒቱም ያለ ወረቀት መሰጠቱን ይቀጥላል። እሷ እንዲህ ነበር ያለችው፤ «አብሽሩ አባባ፣ ስሙን አልጠየቅሁም። ስሙ የእርስዎ ይሁን። እኔ የምለምንዎት ሦስት ነገር ነው፤ ይጠጣል ወይስ ይቀባል፣ መቼ ተዘጋጀ፣ የሰጡት እርስዎ መሆንዎ። እነዚህን ቢጽፉ የአባትዎ ቃል ይፈርሳል?»

አዛውንቱ ትንሽ ዝም አሉና «እነሱስ አያፈርሱም» አሉ። «እሽ፤ አንድ ሰው ከጠጣ በኋላ ቢወድቅና ሐኪሙ ደውሎ ቢጠይቅዎትስ?» «ነፍስ ከሆነማ እነግራለሁ። ነፍስ ከቃል ይበልጣል።» ስምምነቱ በዚህ ቆመ። ምስጢሩ ተጠበቀ፣ ሰውን የሚያድነው መረጃ ግን ከቋጠሮው ጋር ይሄዳል።

ማንበብ የማይችሉ እናቶች ጉዳይ ደግሞ ሌላ መንገድ ጠየቀ። በመጀመሪያ ያሰበችው ቀይ ክር ነበር፤ የማይጠጣው ሁሉ በቀይ ክር ይታሰር። አንዲት አሮጊት «እታለም፣ ጓዳዬ ጨለማ ነው፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ቀይና ጥቁር በምን ልለየው?» አሏት። ልክ ናቸው። ምድጃ ያለበት ጓዳ ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ክር በጭስ ጠቁሮ አንድ ቀለም ይሆናል። እዚያው ተለወጠ፤ የማይጠጣ ነገር የታሰረበት ክር ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ ይቋጠርበታል። ጣት በጨለማም ይቆጥረዋል። የሚጠጣው ቋጠሮ የለውም። ሦስት የሆነው አንድ ቋጠሮ ማሰሪያው ራሱ ሊመስል ስለሚችል ነው።

ዕቃውን በሚመለከት የተናገረችው አጭር ነበር። የውኃ ሃይላንድ፣ የለስላሳ ጠርሙስና የዱቄት ወተት ጣሳ ለመድኃኒት አይሁኑ፤ ልጅ ሲያያቸው የሚያስበው መጠጥና ምግብ ነው። የጸረ ተባይ ወይም የበረኪና ዕቃማ ታጥቦም አይሆንም። ክዳን ያለው ብልቃጥ ወይም ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ጽሑፉ በክዳኑ ላይ አይለጠፍ፤ ሁለት ብልቃጥ አንድ ላይ ሲከፈት ክዳን ይቀያየራልና በገላው ላይ ይለጠፍ። በስክሪብቶ የተጻፈ ርጥበት ሲነካው ይፈሳል፣ በእርሳስ የተጻፈ ግን ይቆያል። የቁስል ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጽፎ መለጠፍ ከሁሉም ይሻላል፤ አንድ ትንሽ ወረቀትም ከውስጥ ይግባ፣ የውጭው ቢነሣ የውስጡ ይናገራል። ከሙሉ ቅጠሉም አንዱ ሳይወቀጥ አብሮ ይቀመጥ።

ቦታው ከምድጃ በላይ አይሁን፤ እንፋሎት ይገባዋል። ከበርበሬና ከቅመም መደርደሪያም ይራቅ። ይህን ስትል የአስተናግርን እሾሃማ ፍሬ ከፍታ ዘሩን አሳየች። ጥቁርና ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የሚመስል ነው፤ ላልለመደው ዓይን ከጥቁር አዝሙድ አይርቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን ይለያል፤ ጥቁር አዝሙድ ማዕዘን ማዕዘን አለው፣ ሲጨፈለቅም ቅመም ቅመም ይሸታል። የሚጠጣው በአንድ ሳጥን፣ የማይጠጣው በሌላ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይሁን አለች፤ ከዚያ ቤት ጣሳ የተማረችው ይህን ነው። አንድ ጣሳ ውስጥ ያደሩ ሁለት ነገሮች አንድ ቀን መቀያየራቸው አይቀርም።

ስለ ማካፈል ስትናገር ሰው ጸጥ አለ። ወሎ ውስጥ ጎረቤት ሲታመም እጅ አጣጥፎ ዝም ማለት ነውር ነው። እሷም አትስጡ አላለችም። ያለችው፤ በእጃችሁ የለቀማችሁትን ወይም ሲለቀም ያያችሁትን ብቻ ስጡ፤ ሌላ ሰው የሰጣችሁን ለሦስተኛ ሰው አታስተላልፉ። ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያዋ ሴት «ለቆረቆር የሚቀባ» ያለችው ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ «መድኃኒት ነው» ብቻ ይሆናል። ስትሰጡም ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን ስጡ፤ የተረፈ ነው ጓዳ ውስጥ ከርሞ ሌላ ሰው የሚጎዳው። ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ አርግዛለች ወይ፣ ታጠባለች ወይ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡርን ጠቅሳ ስለ ኮሶ ጠበቅ አድርጋ ተናገረች፤ ኮሶ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ መጠኑ ሲበዛም የዓይን ብርሃን ይጎዳል። ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጨምርበት።

ቆረቆርን በሚመለከት ግልጽ ነበረች። አስተናግር በቆሰለ የልጅ ራስ ላይ ሲቀባ መርዙ በቁስሉ ወደ ደም ይገባል። ቆረቆር ደግሞ ፀጉሩ ሥር ስለሚኖር በላዩ በሚቀባ ነገር ብቻ አይነቀልም፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ፣ ለሳምንታት በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው የሚያድነው። ስለዚህ አስተናግርን የሚመለከተው ምክሯ እንዴት ይለጠፍበት ሳይሆን ከቤት ይውጣ ነበር። በእኛም እምነት ትክክል ናት፤ ምልክት የማያድነው ነገር አለ።

ከተሰብሳቢው አንዱ «እንዲያ ቢያጋጥመንስ፣ ጅን ነው ወይስ መድኃኒት በምን እንለያለን?» አለ። መልሷ ቀላል ነበር። ዱዓችሁን አታቋርጡ፣ ጸሎታችሁንም፤ ግን እያደረጋችሁ ብብቱን ዳሱ። በትኩሳት የሚለፈልፍ ሰው ብብቱ ብዙ ጊዜ ይረጥባል፤ አስተናግር የጠጣ ብብቱ የጋለና የደረቀ ነው፣ አፉም እንጨት ነው። ለይታችሁ ሳትጨርሱም ተነሡ፤ በድንገት የቃዠ ሰው ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እንዲያስታውክ ጣት አትስደዱበት፣ ወተትም ሌላ ቅጠልም አታጠጡት፤ የተምታታ ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ካንቀላፋ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ገላውን በረጠበ ጨርቅ አብርዱ። የተረፈውን ዱቄት፣ ብርጭቆውንና ፌስታሉን ሳታጥቡ አብራችሁ አምጡ። በእናትየዋ ጉዳይ የጠጡትን ያሳወቀው ጣሳው ነው።

በኅዳር ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ አሥራ አንድ ቤት ጓዳ አየች። በእርሳስ የተጻፉት ፕላስተሮች ይነበባሉ። በሁለት ቤት ጽሑፉ አሁንም ክዳን ላይ ነበር፤ በአንደኛው ቤት ክዳኖቹ ተቀያይረው አገኘችና እዚያው ቤተሰቡ ፊት ገላው ላይ አስለጠፈች። ሦስቱ ቋጠሮ በአሮጊቶቹ ዘንድ ከወረቀቱ ይልቅ ተለምዷል። ያልሠራው ሁለተኛው ሳጥን ነው፤ ቁልፍ ያለው ሳጥን በአብዛኛው ቤት የለም፣ ያለውም ለልብስና ለገንዘብ ይፈለጋል። አንዳንዶቹ የማይጠጣውን በቅል አድርገው ከጣሪያ ማገር ላይ ሰቅለውታል። ልጅ አይደርስበትም፣ ከምድጃውም ከራቀ ደኅና ነው።

አዛውንቱ ቤትም ገብታ ነበር። ያን ቀን ለአንድ በሽተኛ የሚሰጡት ቋጠሮ መደብ ላይ ተቀምጧል። በልጅ ልጃቸው እጅ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ታስሮበታል፤ «የሚቀባ፤ አይጠጣም። ኅዳር 12 የተዘጋጀ።» ከሥሩ የእሳቸው ስምና ስልክ አለ። ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሦስት ቋጠሮ ነበር። የተክሉ ስም አልተጻፈም፣ እሷም አልጠየቀችም።